ስፓኒሽ ለሚያስተምሩኝ እትዬ ምስጋና፣ ኬ እና ኩዮ ላሰቃያችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ማድሪድና አካባቢው ያላችሁ ሀበሾች። ይሄን ፖስት ካሰብኩ ቆየሁ ግን ስራ እያለ መች ይጻፋል። ስፓኒሹን በኛው ፊደል ነው የምጽፈው፣ ኪቦርድ መቀያየር ስለሚሰለቸኝ፣ ድምፁን እያሰማችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከቤት ስለቅ ነው። የአንድ ወር ፊያንሳ አስይዤ ነበር (ማስያዣ ማለቴ ነው)፣ ቁልፍ ካስረከብኩ በኋላ ደብዳቤ መጣልኝ። አንዲት አረፍተ ነገር ናት፣ አንድ ነጥብ ብቻ ያላት፦

"ላ ኢሃ ዴል ፕሮፒየታሪዮ፣ ላ ኳል ሬሲዴ ኤን ሴቢያ ኢ ኩዮ ኤርማኖ ፊርሞ ኤል ኮንትራቶ፣ ኮሙኒካ አ ላ ኢንኪሊና ኬ ላ ፊያንሳ ኬ ኤንትሬጎ ኤን ማዮ፣ ሲን ላ ኳል ኖ ሴ አብሪያ ፊርማዶ ኤል ኮንትራቶ፣ ሴራ ዴቡዌልታ አ ላ ፔርሶና ኮን ኪዬን ሴ ፓክቶ ኤል አልኪሌር።"

አምስት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ቃሎቹን በሙሉ አውቃቸዋለሁ፣ ግን ምን እንዳለኝ አልገባኝም። የገባኝ የመሰለኝ "የባለቤቱ ወንድም ፈርሟል፣ ኪራዩ ስምምነት ተደርጎበታል፣ ብሩ ለልጅቷ ይሰጣል" የሚል ነገር ነው። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። በማግስቱ የስራ ባልደረባዬ እትዬን ጠቆመችኝ፣ አዲስ አበባ አማርኛ ያስተምሩ የነበሩ ሴት ናቸው፣ እዚህ ከመጡ ብዙ ጊዜያቸው ነው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ "ልጄ፣ የትኛውን ግስ ነው ዋና ያደረግሽው?" ብለው ነው። የመጨረሻውን አልኳቸው፣ ሴ ፓክቶ። ሳቁ። ለካ አማርኛ ስናነብ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ እስኪመጣ መጠበቅ ለምዶብን ስፓኒሽም ላይ የመጨረሻውን ግስ እንይዛለን፣ እዛ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ በጣም የተቀበረው ነው። እኛ "ትናንት የመጣው ሰውዬ" ብለን ገላጩን ከስሙ በፊት እናስቀምጣለን፣ እነሱ "ሰውዬው" ብለው ነው ከኋላ የሚቀጥሉት።

ከዛ እርሳስ አስያዙኝና ቁጠሪ አሉኝ። ኬ፣ ኪዬን፣ ኤል ኳል፣ ኩዮ የሚባሉት አገናኝ ቃላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የተረባ ግስ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ስድስት አገናኝ ካለ ግሱ ሰባት መሆን አለበት፣ የተረፈው አንዱ ዋናው ነው። እኔ ዘጠኝ አገኘሁ። ፊርማዶ እና ዴቡዌልታን ለብቻ ቆጥሬያቸው ነው፣ እነሱ ግን አብሪያ እና ሴራ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው እንጂ ብቻቸውን ግስ አይደሉም። ሰባቱ ሬሲዴ፣ ፊርሞ፣ ኮሙኒካ፣ ኤንትሬጎ፣ አብሪያ ፊርማዶ፣ ሴራ ዴቡዌልታ፣ ፓክቶ ናቸው። ከየአገናኙ እስከ ግሱ ቅንፍ ስናደርግ አገናኝ የሌለው ኮሙኒካ ብቻ ቀረ። በቃ ዋናው ሀሳብ "ልጅቷ ለተከራይዋ ታሳውቃለች" ነው፣ ሌላው ሁሉ ልባስ ነው። (ይሄ ቆጠራ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ፣ አንድ ኬ ሁለት ግስ በ"ኢ" አያይዞ ሲጎትት ቁጥሩ ያልፋል፣ ያኔ "ኢ"ን ማየት ነው።)

ሁለቱ ኬዎች ግን ዕድሜ ልክ ያምታቱኝ ነበር። እትዬ የነገሩኝ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ አማርኛ "እንደ" እና "የ" ብሎ የሚለያቸውን ስፓኒሽ በአንድ ኬ ነው የሚጨርሰው። "እንደሚመለስ አሳወቀች" እና "ያስያዝኩት ብር"፣ ሁለቱም ኬ። መለያው ከኬ በኋላ ያለውን ብቻውን ማንበብ ነው። "ኤንትሬጎ ኤን ማዮ"፣ በግንቦት አስያዘች፣ ምኑን? ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ "የ" ነው፣ የጎደለውም ከኬ በፊት ያለችው ፊያንሳ ናት። "ላ ፊያንሳ ሴራ ዴቡዌልታ"፣ ማስያዣው ይመለሳል፣ ምንም አልጎደለም፣ ስለዚህ "እንደ" ነው።

ኩዮ ላይ ነው ያዋረድኩት ራሴን። በኦ ስለጨረሰ ወንድ ነው ብዬ ባለቤቱ ጋር አገናኘሁት፣ "የባለቤቱ ወንድም" አልኩ። ኩዮ ግን ጾታውን የሚወስደው ከባለንብረቱ አይደለም፣ ከኋላው ከሚመጣው ንብረት ነው፣ እዚህ ኤርማኖ ወንድ ስለሆነ ነው ኩዮ የሆነው። እዚህ ወንድም ያላት ልጅቷ ናት፣ የፈረመው የሷ ወንድም። እትዬ "ቤቱ የተቃጠለበት ሰውዬ" በይልኝ አሉ፣ በስፓኒሽ "ኤል ኦምብሬ ኩያ ካሳ ሴ ኬሞ"፣ ሰውዬው ወንድ ሆኖ ኩያ የሆነው ካሳ ሴት ስለሆነች ነው። እኛ "ቤቱ" ላይ ያለችው "ኡ" እና "የተቃጠለበት" ላይ ያለችው "በት" የሚሰሩትን እዛ ኩያ ብቻዋን ትሰራለች። ስፔኖቹ ራሳቸው ሲያወሩ "ኬ ሱ ካሳ" እያሉ ያመልጧታል፣ ሲጽፉ ግን እንደ ስህተት ነው የሚቆጠረው፣ አትኮርጁ።

ኤል ኳል በተቃራኒው ወደኋላ ነው የሚያየው፣ ከተጠቀሰው ሰው ወይም ነገር ጋር ነው የሚስማማው። ላ ኳል ስላለ ሴቢያ የምትኖረው ልጅቷ ናት፣ ኤል ኳል ቢል አባቷ ይሆን ነበር፣ በባዶ ኬ ቢጽፉት ደግሞ የቱ እንደሆነ አይታወቅም ነበር፣ ጠበቆች ኤል ኳልን የሚወዱት ለዚህ ነው። ግን ሁሌ አያድንም። ሲን ላ ኳል ጋ ስንደርስ ፊያንሳም ኢንኪሊናም ሴት ናቸው፣ ያኔ ቅርቡን ይዞ ትርጉሙ ይሄዳል ወይ ብሎ መሞከር ነው፣ "ያለማስያዣው ውሉ አይፈረምም ነበር" ስለሚሄድ እሱ ነው።

ኪዬን ቀላሉ ነው፣ ለሰው ብቻ። እንግሊዝኛ ይዛችሁ የመጣችሁ ግን "ኤል ኦምብሬ ኪዬን ቢኖ" እንዳትሉ፣ እዛ ኬ ነው የሚገባው። ኪዬን ከኮን፣ ፓራ፣ ዴ ዓይነቶቹ በኋላ ነው የሚያምርበት፣ እንደዚህ ደብዳቤ "ኮን ኪዬን"።

መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአጫጭሩ በአማርኛ አስጻፉኝ። ልጅቷ ሴቢያ ትኖራለች። ወንድሟ ውሉን ፈርሟል። ተከራይዋ በግንቦት ማስያዣ ሰጥታለች። ያለሱ ውሉ አይፈረምም ነበር። ከአንድ ሰው ጋር በኪራዩ ስምምነት ተደርጓል። ማስያዣው ለዛ ሰው ይመለሳል። እሱን ሳነብ ነው የነቃሁት፣ ያኔ እኔ ስራ ላይ ስለነበርኩ በኪራዩ የተነጋገረችው እህቴ ናት! ብሩም የእህቴ አካውንት ገባ፣ እኔ ልከራከር ስዘጋጅ።

እትዬ በቪዲዮ ነው የሚያስተምሩት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ለሰዓት 12 ዩሮ ነው የምከፍላቸው፣ የራሳችሁን ደብዳቤ ወይም ውል ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይላቸዋል። ለጀማሪ ግን አይሆኑም፣ ግስ ማርባት የማይችል ሰው ትዕግስታቸውን ያስጨርሳል፣ ራሳቸው ናቸው ያሉኝ። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ጠይቄያቸው ቁጥራቸውን እሰጣችኋለሁ። እትዬ፣ ይሄን ካነበቡት፣ ለእሁድ ያዘዙኝን ኩዮ ገና አልጨረስኩም፣ ይቅርታ።