በሟች አባት ስም ያለ ካርታ ይዞ ቤት የሚሸጥላችሁ ካለ፣ ብር ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ደሴ ውስጥ ደላላ ይዛችሁ ቤት የምታፈላልጉ ሁሉ፣ በተለይ እህታችሁ ከዓረብ አገር ለፍታ በላከችው ብር የምትገዙ፣ እባካችሁ ልብ በሉ። እኔ የማውቀው ቤተሰብ በዚህ ዓይነት ግዢ ተበልቷል።

እህትየው ጅዳ ናት። ወንድሟ ሆጤ አካባቢ በ2.4 ሚሊዮን ብር ቤት አገኘላት። ሻጩ ቤቱ ውስጥ የሚኖር የመጨረሻ ልጅ ነው። ዋጋው ከሰፈሩ ረከስ ያለ ነበር። ካርታው በሟች አባቱ ስም ነው፤ ያሳየውም ኮፒውን ብቻ ነው። «ስሙን በኋላ አዞርላችኋለሁ» አላቸው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። «ከአባቴ በውርስ ያገኘሁትን ቤት ሸጬለታለሁ» ይላል። ሦስት ምስክሮች ፈርመውበታል፤ አንደኛው ራሱ ደላላው ነው። 1.8 ሚሊዮን ብር ተከፈለ። ቀሪው ስም ሲዞር ሊከፈል ነበር።

ወንድምየው አጥሩን ማደስ ሲጀምር የሻጩ እናት እና ኮምቦልቻ የሚኖሩት ሁለት እህቶቹ የፍርድ ቤት እግድ ይዘው መጡ። ስለ ሽያጩ አንዳቸውም አያውቁም ነበር።

አሁን ድርሻውን እናስላ። ቤቱ ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት ነው። ስለዚህ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናትየው ነው። የአባትየው ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንድ ስድስተኛ ይደርሳል። የሻጩ ድርሻ በዚያው ዋጋ 400,000 ብር ነው ማለት ነው። (ወራሾቹ ተስማምተው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከተካፈሉ ስሌቱ ይለያል፤ ያም ቢሆን ልጁ የቤቱ ብቸኛ ባለቤት አይሆንም።) ውሉ ቢፈርስና ብሩን መልስ ቢባል ከምን ይመልሳል? ብሩን በልቶታል። ሊያዝበት የሚችለው ያችው ድርሻው ብቻ ናት።

«የወራሽነት ማስረጃ አለኝ» የሚል ሻጭም አያዘናጋችሁ። ማስረጃው ሰውዬው ወራሽ መሆኑን እንጂ ቤቱ የሱ ብቻ መሆኑን አያሳይም። ስንት ወራሽ እንደተዘረዘረ አንብቡ። ባል ወይም ሚስት በሕይወት ካሉ ጠይቁ። ሁሉም ወራሾች በአካል ቀርበው ይፈርሙ። የማይመጣ ካለ ቤት ለመሸጥ ተብሎ በግልጽ የተሰጠ ውክልና ይላክ። ውክልና ሰጪው ከሞተ ውክልናው አብሮ ስለሚያበቃ፣ ሰጪው በሕይወት መኖሩንም አረጋግጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወራሾቹ መጀመሪያ ካርታውን በራሳቸው ስም አዙረው ከዚያ ቢሸጡላችሁ ነው። ትንሽ ይቆያል፤ ከክስ ግን በጣም ያጥራል።

ውሉንስ? ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብዙ ሰው ይበቃል ይላል። አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2877 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ ነው ይላል። ቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ሰነድ ማረጋገጫ የምንሄደው ለዚህ ነው። እዚያ ኦሪጅናል ካርታ ይጠየቃል፤ የጋብቻ ሁኔታም ይታያል። የዚህ ሻጭ ወረቀት እዚያ ቢቀርብ ኖሮ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይቆም ነበር። ሻጭ «ሰነድ ማረጋገጫ መሄድ ምን ያስፈልጋል፣ እንተማመን የለም እንዴ» ካለ ገንዘባችሁን ያዙና ውጡ።

ተረጋግጦ የተፈረመ ውል ቢኖራችሁም ሥራው አላለቀም። በቁጥር 2878 መሠረት ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም። ሻጩ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው ሸጦ ያኛው ቀድሞ ስም ካዞረ እናንተ ከሻጩ ጋር ብቻ ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከባለካርታዎቹ ጋር መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ፋይሉን አስወጡ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ ካለበት እዚያ ይታወቃል። የብሩንም ጠቀም ያለ ክፍል ስም እስኪዞር አቆዩት።

ቤት የሌለበት ባዶ ቦታ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። ኮምቦልቻ ዳርቻ ላይ «200 ካሬ መሬት ሸጬለታለሁ» ተብሎ የሚፈረመው ወረቀት ዋጋ የለውም።

ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ተንቀሳቀሱ። የባንክ ደረሰኞቹን ሰብስቡ። ሌሎቹን ወራሾች አግኟቸውና ለመፈረም ፈቃደኛ መሆናቸውን ጠይቁ፤ አንዳንዴ ተገቢው ድርሻቸው ከተከፈላቸው ይስማማሉ። እምቢ ካሉ ጠበቃ ይዛችሁ ሻጩ ድርሻውን ለሌላ እንዳያስተላልፍ የእግድ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ጠይቁ። ትእዛዙ ሲወጣ ራሳችሁ ለመሬት አስተዳደር አድርሱና ፋይሉ ውስጥ መግባቱን አይታችሁ ተመለሱ።