የሞርፊን ቆጠራ፦ በየርክክቡ ወይስ በየሳምንቱ?

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎቹ ሞርፊንና ፔቲዲን ግድግዳ ላይ በተገጠመ ባለ ሁለት በር የብረት ሳጥን ተቆልፈው ይቀመጣሉ፤ ቁልፉም ከተረኛዋ ኃላፊ ነርስ ኪስ አይወጣም። ቆጠራውን ገቢና ወጪ ተረኞች በየርክክቡ አብረው ሊያደርጉት፣ ወይም ፋርማሲስቱ በሳምንት አንድ ቀን ሊያደርገው ይችላል።

አንድ ጠዋት መዝገቡ 14 የሞርፊን አምፑል ሲል ሳጥኑ ውስጥ 13 ብቻ ተገኘ። የሌሊቷ ነርስ ገና ስላልወጣች የታካሚዎቹ የመድኃኒት ካርድ ወዲያው ከመዝገቡ ጋር ተመሳከረ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከ10 ሚሊግራም አምፑል 6 ሚሊግራም ለታካሚ መሰጠቱና ቀሪው 4 ሚሊግራም በምስክር ፊት መወገዱ ካርዱ ላይ ሰፍሮ፣ መዝገቡ ላይ ግን ተዘሎ ነበር። የቀደመው ቁጥር አልተፋቀም፤ በአዲስ መስመር «ዘግይቶ የተመዘገበ» ተብሎ፣ ቀንና ሰዓቱ ተጠቅሶ፣ ነርሷና ምስክሯ ፈረሙበት።

ይኸው ጉድለት በሳምንታዊው ቆጠራ ቢገኝ ኖሮ፣ በቀን ሁለት ርክክብ ባለበት ክፍል ፍለጋው በ14 ፈረቃ ላይ ይበተን ነበር። የባሰው ግን አንድ አምፑል ጠፍቶ፣ ሌላ አምፑል ደግሞ ሳይሰጥ «ተሰጥቷል» ተብሎ ሲመዘገብ ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ድምሩ ልክ ሆኖ ያልፋል።

የርክክቡ ቆጠራም እንከን አያጣም፤ ታክሲ ሰልፍ የሚያስቸኩለው ሰው ሳጥኑን ሳይከፍት የቀደመውን ቁጥር ገልብጦ ይፈርማል። ቢሆንም እኔ የርክክቡን ቆጠራ እመርጣለሁ፤ ፋርማሲስቱ ግን ቀኑን ሳያሳውቅ እየመጣ አምፑሎቹን ብቻ ሳይሆን ማዘዣውን፣ ካርዱንና መዝገቡን ጎን ለጎን ማመሳከር አለበት።