ሎጎ ለማሠራት ለምታስቡ የባሕር ዳር ባለሱቆች፦ «አንድ ሥራ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳትስማሙ አትክፈሉ

ጊዮርጊስ አካባቢ ለከፈትኳት አነስተኛ ጁስ ቤት ሎጎ ለማሠራት ከአንድ ዲዛይነር ጋር «ለአንድ ሥራ 3,000 ብር» ተባብለን በቃል ተስማማን። በነፃው ካንቫ እንደሚሠራ አልደበቀኝም፤ እኔም ክፍያው ለሰውየው ዓይንና ጊዜ እንጂ ለመሣሪያው ስላልሆነ ቅር አልተሰኘሁም። ስህተቴ ሥራው ሲያልቅ በእጄ ምን እንደሚገባ አለመጠየቄ ነበር።

በቴሌግራም የተላከልኝ 500 በ500 ፒክስል የሆነ አንድ PNG ምስል ብቻ ነው። በስልክ ሲታይ ያምራል። ባነር ማተሚያ ቤት ወስጄው ሎጎው 1 ሜትር ቁመት እንዲይዝ ሲለጠጥ ግን እያንዳንዷ የፒክስል ነጥብ 2 ሚሊ ሜትር ሆነች፤ ይህ ከጤፍ ፍሬ ይበልጣል። የማንጎው ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ወጣ፤ ነጩ መደብም በአረንጓዴው ባነር ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ጎልቶ ታየ። መደቡን ለማንሳት 400 ብር፣ በባነር ልክ ለማዘጋጀት ደግሞ 600 ብር ተጠየቅሁ፤ ሁለቱም «ሌላ ሥራ ናቸው» ተባልኩ።

ለባነሩ ከፍዬ የተቀበልኩት PDF ያንኑ ምስል የያዘ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ፋይሉን በኮምፒውተር ከፍቶ እስከ 800 ፐርሰንት ማጉላት ይበቃል። ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቆየ በመስመር የተሠራ ስለሆነ ቢለጠጥም አይበላሽም፤ ከተሸረፈ ግን በነጥብ የተሠራ ምስል ነው፤ የፋይሉን ስም መቀየር ይህን አያስተካክለውም።

ይባስ ብሎ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ያንኑ ማንጎ በሌላ ጁስ ቤት በር ላይ አየሁት። ዲዛይነሩ ሰረቀ ለማለት አልደፍርም፤ ሥዕሉ ማንም የሚያገኘው የካንቫ ሥዕል ነው። በካንቫ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ሥዕል ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ባለመሆኑ፣ እርሱን የያዘ ሎጎ የንግድ ምልክት አድርጎ ማስመዝገብ አይቻልም። ሎጎው የእናንተ ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በፊደልና በተራ ቅርጾች ወይም በእጅ በተሣለ ሥዕል እንዲሠራ ጠይቁ።

ከሁለተኛዋ ዲዛይነር ጋር ስስማማ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ሁሉንም በቴሌግራም ጻፍኩላት፦ በ3,500 ብር አንድ ሎጎ፣ ሁለት ጊዜ ማስተካከያ፣ በመስመር የተሠሩ SVG እና PDF ፋይሎች፣ መደብ የሌለው PNG፤ ከዚህ በላይ ለሚመጣ እያንዳንዱ መጠን 200 ብር። ነፃው ካንቫ SVG ስለማያወጣ በኢንክስኬፕ ሠራችው፤ እርሱም ነፃ ስለሆነ «በነፃ መሣሪያ አይቻልም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ባይኖረው የአማርኛው ጽሑፍ እንዳይለወጥ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀየረቻቸው፤ ቴሌግራም እንዳያሳንሰውም PNGውን በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላከችልኝ። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ የሰጠኋት ፋይሉ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ተከፍቶ ጠርዙን አጉልቼ ካየሁት በኋላ ነው።