ሶሉ በሁለት ሳምንት ለተላቀቀ ጫማ ገንዘብ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ይድረስ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ከምኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የገናንና የጥምቀትን በዓል ከቤተሰቤ ጋር ለማሳለፍ ወደ አገሬ የመጣሁ ደንበኛችሁ ነኝ። በቴሌግራም ገጻችሁ ላይ ካቀረባችኋቸው ጫማዎች መካከል ለአባቴ የበዓል ስጦታ እንዲሆን ቡናማ፣ ባለማሰሪያ፣ ቁጥር 42 የቆዳ ጫማ አዝዤ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤት ድረስ መጥቶልኝ ተረክቤአለሁ። የጫማውን ዋጋ 4,800 ብርና የማድረሻውን 200 ብር፣ በድምሩ 5,000 ብር፣ ዕቃውን እንደተረከብኩ በእህቴ ቴሌብር ከፍያለሁ። ይሁንና የቀኝ እግሩ ሶል በ14ኛው ቀን፣ ጥር 9፣ ከጣቶቹ በኩል ተላቆ ስለተከፈተ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስለ አገልግሎታችሁ አስተያየት ስሰጥ መልካሙንም መናገር ይገባኛል። ትእዛዜን የተቀበለችው ሠራተኛ ስለ ቁጥሩ በሚገባ ጠይቃኛለች፤ ዕቃውን በሞተር ያደረሰው ወጣትም በቀጠረን ሰዓት ተገኝቶ፣ አባቴ ጫማውን ለክተው እስኪጨርሱ ድረስ ያለ ምንም ጥድፊያ ጠብቆናል። ቅሬታዬ በዕቃው ጥራትና ጉድለቱን ካሳወቅኋችሁ በኋላ በሰጣችሁኝ መልስ ላይ ነው።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ጫማውን ያደረጉት በገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት በአስፋልት ዳር በእግራቸው ሲንሸራሸሩ ነው። በእነዚያ ቀናት ዝናብ አልዘነበም፤ ጫማው ውኃ ውስጥ አልገባም፣ አልታጠበም፣ እሳት አጠገብም አልተቀመጠም። በጥር 9 ጠዋት የቤታችንን ደረጃ ሲወጡ ተላቆ የተንጠለጠለው ሶል በደረጃው ጠርዝ ተይዞ ወደ ፊት አንገዳገዳቸው። ከኋላቸው የነበረው የእህቴ ልጅ ክንዳቸውን ባይዝ ኖሮ ይወድቁ ነበር። በዚያ ዕድሜ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ለማንም የተሰወረ አይደለምና፣ ይህን ነገር ቀላል አድርጌ ላየው አልችልም።

ያን ዕለት ማታ ፎቶግራፍ አያይዤ ጻፍኩላችሁ። በማግስቱ የሰጣችሁኝ መልስ ጫማው በአጠቃቀም ጉድለት ሊላቀቅ እንደሚችል፣ በገጻችሁም ላይ «የተለበሰ ጫማ አይመለስም» ተብሎ እንደተጻፈ የሚገልጽ ነበር። የአጠቃቀም ጉድለት መሆን አለመሆኑን በግምት ላለመናገር ስል፣ ጫማውን በሰፈራችን ለብዙ ዓመታት ወደ ሠሩ አንድ ጫማ ሰፊ ወሰድኩት።

እሳቸውም በቢላ ጫፍ ክፍተቱን ጥቂት ገለጥ አድርገው በብርሃን አሳዩኝ። በሶሉ ላይ የቀረው ማስቲሽ እንደ ቀጭን ፕላስቲክ ለስላሳ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ጥግ ይዘው ሲስቡትም ሳይቆራረጥ እንደ ልጣጭ ተነሣ፣ በጀርባውም ላይ ቡናማ ቀለም ነበረበት። ከላይ ያለው የቆዳው ጠርዝ ደግሞ ማስቲሹ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ሳይፋቅ እንዳለ ነበር። «እህቴ፣ ይሄ ቆዳ አልተፋቀም፤ ማስቲሹ የያዘው ቀለሙን ነው እንጂ ቆዳውን አይደለም» አሉኝ።

የተናገሩት በሙያው የታወቀ ነው። ሶሉ በክር ሳይሰፋ በማስቲሽ ብቻ በሚያያዝ ጫማ ላይ፣ ሶሉ የሚያርፍበት የቆዳ ጠርዝ የላይኛው ቀለምና ማለስለሻ እስኪነሣ፣ የቆዳውም ቃጫ እስኪታይ ድረስ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አለበት። ሶሉም ከማምረቻው ቅርጽ ሲወጣ የሚይዘው ቅባት ስለሚኖር መጽዳት አለበት። ከዚያ በኋላ ማስቲሹ በሁለቱም ላይ ተቀብቶ፣ እርጥበቱ እስኪተን ተጠብቆ፣ ሞቅ ተደርጎ በኃይል ይጫናል። መፋቁ ከታለፈ ጫማው ሲሸጥ ደህና መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እግር በተራመደ ቁጥር ጣቶቹ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ቀለሙ ከቆዳው እየተላጠ ሄዶ ሶሉ ይከፈታል። በደንብ የተፋቀ ጫማ በኃይል ተስቦ ቢላቀቅ ግን ማስቲሹ የቆዳውን ቃጫ ቦጭቆ ይዞ ይነሣል፤ መለያውም ይኸው ነው። በእኛ ጫማ ላይ የተቦጨቀ ቆዳ ፈጽሞ የለም። ጫማ ሰፊው የግራውንም ጫማ የእጃቸውን አውራ ጣት በሶሉና በቆዳው መገናኛ ላይ አድርገው ሲጫኑት፣ ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት እዚያው ቦታ ላይ ታየ። ሁለቱም እግሮች በአንድ ቦታ መላቀቃቸው ጉድለቱ ከአሠራሩ እንደመጣ እንጂ አባቴ አንዱን እግር ከድንጋይ ጋር በማጋጨታቸው እንዳልሆነ ያሳያል።

«የተለበሰ አይመለስም» የሚለው ማሳሰቢያችሁ ቀለሙን ሳይወደው ወይም ቁጥሩን ሳይመርጥ ለሚመልስ ገዢ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የማስቲሽ ጉድለት ጫማው ሳይለበስ ሊታወቅ የማይችል ስውር ጉድለት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ ያሳወቅኋችሁ በ14ኛው ቀን ነውና ጊዜው አላለፈም። ሻጭ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታም እያለበት የተሰጠኝ ስሜና አድራሻዬ በእጅ የተጻፈበት የማድረሻ ወረቀት ብቻ ነው። ቢሆንም የቴሌብር የክፍያ መልእክት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የገንዘቡን መጠን ስለሚያሳይ ግዢው ከእናንተ መፈጸሙ አያከራክርም።

በሁለተኛው መልእክታችሁ በራሳችሁ ወጪ አስጠግናችሁ ልትመልሱልኝ ወይም በዚያው ዓይነት ጫማ ልትለውጡልኝ መፈለጋችሁን ገልጻችኋል፤ ስላቀረባችሁት አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ለመጠገን የሁለቱም እግር ሶል ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ ቆዳው ተፍቆ፣ እንደ አዲስ ሊጣበቅ ይገባል፤ በተላቀቀው ጫፍ ላይ ብቻ ማስቲሽ መጨመር ያው ቀለም ላይ መለጠፍ ነውና ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳግም ይከፈታል። ሶሉ ቀጭን በመሆኑም ዙሪያውን መስፋት እንደማያዋጣ ጫማ ሰፊው ነግረውኛል። በዚያው ዓይነት መለወጡን በተመለከተም፣ በአንድ ጊዜ የተሠሩት ሌሎች ጫማዎች ተፍቀው ስለመሆናቸው ማረጋገጫ አልሰጣችሁኝም፤ አባቴንም ለሁለተኛ ጊዜ ለዚያ አደጋ ላጋልጣቸው አልፈልግም።

ስለሆነም 5,000 ብሩ ክፍያው በተፈጸመበት በእህቴ የቴሌብር ቁጥር እስከ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የማድረሻውን 200 ብር የጨመርኩት በዕቃው ጉድለት ምክንያት ያወጣሁት ወጪ በከንቱ ስለቀረ ነው። ጫማውን ከነካርቶኑ መልሳችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ሠራተኛችሁ ሲመጣ እህቴ ታስረክበዋለች፣ መረከቡንም በጽሑፍ እንዲፈርምላት ትጠይቃለች። እኔ ጥር 21 ቀን ስለምመለስ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን እንድትከታተል ለእሷ ኃላፊነት ሰጥቻታለሁ። እስከተጠቀሰው ቀን መልስ ካልተሰጠኝ ግን ይህን ደብዳቤ ከነማስረጃው ለከተማው ንግድ ቢሮ ለማቅረብ እገደዳለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሁለቱንም ጫማዎች ፎቶግራፎች፣ ከሶሉ ላይ የተላጠውንና ቀለም የያዘውን ማስቲሽ በቅርበት የሚያሳየውን ፎቶ፣ የማድረሻ ወረቀቱንና የክፍያውን መልእክት ልኬላችኋለሁ። የተላጠውን ማስቲሽ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ባለሙያችሁ ሊያየው ከፈለገ ቤታችን መጥቶ ሊመለከተው ይችላል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጫማውን የገዛሁት ደንበኛችሁ