ብድር ወይስ ባለአክሲዮን? ግብሩ የሚያደላው ለየትኛው ነው

ሥራችሁን ለማስፋት 1 ሚሊዮን ያስፈልጋችኋል እንበል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በ12 በመቶ ወለድ መበደር ነው። ሌላው አዲስ ባለአክሲዮን ማስገባትና በየዓመቱ ባስገባው ገንዘብ ላይ ያንኑ 12 በመቶ የትርፍ ድርሻ መክፈል። በሁለቱም ለገንዘቡ ባለቤት የሚሄደው 120,000 ነው። ታዲያ ምን ለያቸው? ግብሩ ነዋ።

ድርጅቱ ወለድና ግብር ሳይነሳለት 400,000 አተረፈ፣ የግብሩ ምጣኔ ደግሞ 30 በመቶ ነው ብለን እናስላው።

| | በብድር | በአክሲዮን |
|---|---|---|
| ከወለድና ከግብር በፊት ያለ ትርፍ | 400,000 | 400,000 |
| ወለድ | 120,000 | 0 |
| ግብር የሚሰላበት ትርፍ | 280,000 | 400,000 |
| ግብር | 84,000 | 120,000 |
| የአዲሱ ባለአክሲዮን ድርሻ | 0 | 120,000 |
| ለነባሮቹ ባለቤቶች የሚተርፍ | 196,000 | 160,000 |

የ36,000 ልዩነት አለ፤ የወለዱ 30 በመቶ መሆኑ ነው። ወለዱ ግብሩን ስለቀነሰላችሁ 12 በመቶ የተባለው ብድር በተግባር የሚያስወጣችሁ 8.4 በመቶ ብቻ ነው። የትርፍ ድርሻው ግን 120,000 እንዲሆን ከግብር በፊት 171,000 ገደማ ማትረፍ አለባችሁ።

ሕጉ ለምን እንዲህ ለያቸው? አበዳሪ የውጭ ሰው ነው። አተረፋችሁም ከሰራችሁም ወለዱን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወለድ እንደ ቤት ኪራይና እንደ ደመወዝ ገቢ ለማግኘት የወጣ ወጪ ተደርጎ ይያዛል። ባለአክሲዮን ግን የድርጅቱ ባለቤት ነው። ትርፉ ታውቆ፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ ከተረፈው ላይ ይካፈላል፤ የራስን ትርፍ መካፈል ደግሞ ወጪ አይባልም። በሂሳብ አያያዝ ረገድ ክርክሩ ያስኬዳል። ለእኔ ግን አያሳምነኝም፣ ምክንያቱም ባለአክሲዮኑም ገንዘቡን ሌላ ቦታ አውሎ ያገኝ የነበረውን ትቶ ነው የመጣው፤ የእሱም ገንዘብ ዋጋ አለው፣ ሕጉ ግን ይህን ዋጋ ከቁብ አይቆጥረውም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2006 ለባለቤቶች ካፒታልም ወለድ የሚመስል ተቀናሽ ፈቅዳ ነበር፤ በኋላ ግን ሰርዛዋለች።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ግብር ከሚሰላበት ትርፍ የሚቀነሰው ወለዱ ብቻ ነው እንጂ ዋናው ብድር አይደለም። 1 ሚሊዮኑን በአምስት ዓመት እኩል ለመመለስ ከተስማማችሁ በዓመት 200,000 ዋና ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ሰንጠረዡን እዩት፣ በብድር በኩል የተረፈው 196,000 ነው። ማለትም ግብር ቆጥባችሁ፣ አትርፋችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለክፍያው 4,000 ይጎድላችኋል። ባለአክሲዮን ያስገባውን ገንዘብ መልሱልኝ አይልም። ስለዚህ ብድር ስታወዳድሩ የወለዱን ምጣኔ ብቻ ሳይሆን የመክፈያ ጊዜውንም እዩ። በአምስት ዓመት የማያዋጣው ብድር በስምንት ዓመት ሊያዋጣ ይችላል።

ሁለተኛው መዘዝ ክፉ ዓመት ሲመጣ ነው። ትርፉ 100,000 ብቻ ሆነ እንበል። በአክሲዮን መንገድ 30,000 ግብር ትከፍላላችሁ፣ 70,000 ይተርፋል፣ የትርፍ ድርሻውንም ዘንድሮ አንከፍልም ማለት ይቻላል። በብድር መንገድ ወለዱ ብቻ 120,000 ስለሆነ 20,000 ኪሳራ ላይ ናችሁ። ግብር የለም፣ ጥቅሙም ግን ሙሉ አይደለም፤ የሚቀነስለት ትርፍ ስላላገኘ ያ 20,000 ብዙ ጊዜ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሸጋገራል እንጂ ዛሬ በጥሬ ገንዘብ አይመለስላችሁም፣ ባንኩ ደግሞ አይጠብቅም። እኔ ብሆን የውል ደንበኞች ኖረውት ገቢው ለማይዋዥቅ ሥራ ብድሩን እመርጣለሁ። ገቢው ከፍ ዝቅ ለሚል ወይም ገና ለሚጀምር ሥራ ግን ባለአክሲዮን፣ 36,000ው ቢያሳሳም።

ዕዳው በበዛ ቁጥር ግብሩ እየቀነሰ ይሄዳል ብላችሁ ካሰባችሁም ገደብ እንዳለው እወቁ። ድርጅቶች ከእህት ኩባንያቸው ሆን ብለው እየተበደሩ ትርፋቸውን በወለድ ስም ሲያሸሹ ብዙ አገሮች ጣሪያ አበጁ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ የተጣራ የወለድ ወጪን የሚገድበው ከወለድ፣ ከግብርና ከእርጅና ቅናሽ በፊት ካለው ትርፍ 30 በመቶ ላይ ነው። አሜሪካም ተመሳሳይ ጣሪያ አላት። ትንንሽ ድርጅቶችን አብዛኛውን ጊዜ አይነካቸውም፤ ትልቅ ከሆናችሁ ግን የእኛው ምሳሌ ጣሪያው ላይ ደርሷል፣ የ400,000 30 በመቶ 120,000 ነውና። እርጅናውን ትተን ትርፉ ባለበት ከቆየ፣ ሁለተኛ ሚሊዮን ብትበደሩ የሚጨመረው ወለድ በዚያ ዓመት ግብር ከሚሰላበት ትርፍ አይቀነስም፤ 12 በመቶው ያው 12 በመቶ ነው።