ሁለት ሲም ባንድ ስልክ፦ ሐዋሳ ላይ ለወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

ይህን ስልክ የገዛሁት ለካሜራው አይደለም። ሁለት ሲም ስለሚይዝ ነው። መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ነው፤ ሞዴሉን አልጠራም፣ ምክንያቱም የማወራው ነገር በአብዛኞቹ አንድሮይዶች ላይ ተመሳሳይ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር 09 ነው። ደንበኞች የሚያውቁት እሱን ነው፣ ቴሌብርም የተከፈተው በእሱ ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ በኋላ 07 ቁጥርም አወጣሁ። ድሮ ሁለት ስልክ ይዤ ነበር የምዞረው። አሁን 09 ለጥሪና ለቴክስት፣ 07 ደግሞ ለዳታ ሆነው አንድ ስልክ ውስጥ ገብተዋል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ Network & internet፣ ቀጥሎ SIMs ይባላል። አንዳንድ ስልኮች ላይ ስሙ SIM manager ነው። መጀመሪያ ለሁለቱም ሲሞች ስም ሰጠሁ፤ አንዱን «ማረፊያ»፣ ሌላውን «ዳታ» አልኳቸው። ቀለማቸውንም ለያየሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ስልኩ ሲጮህ ደንበኛ ይሁን ዘመድ ሳላነሳው አውቃለሁ። ከዚያ ሦስቱን ምርጫዎች ሞላሁ፦ ዳታ 07፣ ቴክስት 09፣ ጥሪ ደግሞ Ask every time። የመጨረሻው በየጥሪው «በየትኛው?» ብሎ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ይህ ጥያቄ ስለሚያሰለቸው ጥሪውን በአንድ መስመር ይቆልፈዋል። እኔ አልመክርም። ምክንያቱም ስልኩ *127# ወይም *804# ሲደወልም እንደ ጥሪ ነው የሚቆጥረው። ጥሪን በ07 ቆልፎ *127# የሚደውል ሰው የቴሌብር ማውጫን አያገኝም፤ የሚያገኘው Connection problem or invalid MMI code የሚል መልእክት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቴሌብር ተበላሽቷል ብሎ ይጨነቃል። የተበላሸ ነገር የለም፣ ኮዱ የሄደው በማይመለከተው መስመር ነው። ጥያቄው ለሚያሰለቸው ሌላ መላ አለ። ብዙ የመደወያ መተግበሪያዎች ሲም ሲያስመርጡ፣ ለዚያ ሰው ምርጫውን እንዲያስታውሱ የሚነካ ሳጥን ያሳያሉ። የወሰድኩት የድምፅ ጥቅል ወደ 09 ብቻ ስለሚሠራ የ09 ሰዎችን በዚያ መንገድ ለ09 መደብኳቸው። አሁን የሚጠይቀኝ ለአዲስ ቁጥርና ለኮድ ብቻ ነው።

ቴክስት ብዙም አያስቸግርም። ለመጣ ቴክስት ሲመለስ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ በመጣበት መስመር ይሄዳል። የባንክ ማረጋገጫ ቁጥርም የሚመጣው ባንኩ ጋ በተመዘገበው ቁጥር ነው፤ የስልኩ ምርጫ እዚያ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ሻጮች የማይነግሩን ይህን ነው። ስልኩ ሁለት ሲም ቢይዝም በአንድ ጊዜ የሚያነጋግረው አንዱን ብቻ ነው። ሁለት በር ኖሮት አንድ ዘበኛ ብቻ እንዳለው ግቢ አስቡት። ሥራ ፈት ሲሆን ሁለቱንም በር ያያል። አንዱ ላይ እንግዳ ሲያስተናግድ ግን ሌላውን የሚያንኳኳ አይሰማም። አብዛኞቹ የመካከለኛ ዋጋ ስልኮች የተሠሩት እንደዚህ ነው፤ በሴቲንግ አይቀየርም።

በእኔ ሥራ ላይ ይህ ምን ያመጣል? አንሶላ የሚያጥብልኝ ልጅ በ07 ደወለ እንበል። ሒሳብ እንከራከራለን፣ ጥሪው ይረዝማል። በዚያው ሰዓት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ክፍል ለመያዝ በ09 ይደውላል። ስልኬ ክፍት ነው፣ ኔትወርክም አለ፤ እሱ ግን የሚሰማው ሊያገኘኝ እንደማይችል የሚናገረውን የተቀዳ ድምፅ ነው። «ዘግተዋል» ብሎ ሌላ ማረፊያ ይደውላል። እኔ ጋ ምንም ምልክት ላይመጣ ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ የላከ ደንበኛ ካለም የቴሌብር መልእክቱ የሚገባው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ጥሪ እንደዘጋችሁ መልእክቶች ተከታትለው የሚወርዱባችሁ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

መፍትሔው ጥሪ ማዞር ነው። ግን ሁሉንም ጥሪ አይደለም፤ 09 ሳይገኝ ሲቀር ብቻ ወደ 07 እንዲዞር ነው። ኮዱ የጂኤስኤም መደበኛ ኮድ ነው፤ በ09 መስመር ይደወላል፦

```
*62*07XXXXXXXX#
```

በኤክሶቹ ፈንታ የራስ ቁጥር ይገባል። መሥራቱን ለማየት *#62#፣ ለማጥፋት ##62# ነው። በ07 መስመር ደግሞ *43# ደውሎ የጥሪ ማቆያውን ማብራት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የዞረው ጥሪ መስመሩ ተይዟል ይባላል። እንግዲህ ከአጣቢው ጋር እያወራሁ የአዲስ አበባው ሰው ሲደውል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ጆሮዬ ላይ ቲት ይላል። አጣቢውን «ቆየኝ» ብዬ ደንበኛውን አነሳለሁ።

ይህ ነፃ አይደለም። በተለምዶ የዞረው ጥሪ እኔ ከ09 ወደ 07 እንደደወልኩ ተቆጥሮ ከ09 ሒሳቤ ላይ ይቆረጣል። 09 ላይ ሒሳብ ከሌለ ላይዞር ይችላል። ስለዚህ ለማረፊያ፣ ለሱቅ፣ ለታክሲ ሥራ ያዋጣል። ለቤት ስልክ ግን አያስፈልግም፤ ዘመድ መልሶ ይደውላል።

የዳታውም ነገር ከዚሁ ይመጣል። በ09 እያወራሁ የ07 ዳታ ቀጥ ይላል። ቴሌግራም «በመገናኘት ላይ» ይላል፣ ካርታ አይከፈትም። ስልኩ ለዚህ Data during calls የሚል ቁልፍ አለው። የሚገኘው ዳታ ባልተመረጠበት ሲም ገጽ ላይ ነው፤ ጥሪው ያለበትን መስመር ለዚያች ጊዜ ዳታ እንዲሰጥ ያደርገዋል። መስመሩ ላይ ጥሪን በፎርጂ የሚያስኬደው ቮልቲኢ ካልበራና ጥሪው ወደ ቱጂ ከወረደ ግን ይህም አይረዳም።

እኔ ቁልፉን ዘግቼዋለሁ። 09 ላይ የዳታ ጥቅል የለኝም፤ ቁልፉ ክፍት ከሆነ በጥሪ መሀል የሚወርደው ፎቶና ማሻሻያ ሁሉ ከዋናው ሒሳብ ላይ ነው የሚቆረጠው። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች ደግሞ ከዚህ የሚብስ አላቸው፦ ዳታው በደከመ ቁጥር ያለ ጥሪም ወደ ሌላው ሲም የሚዘል። አንድ ሰው «ካርድ ሞልቼ ሳልደውል አለቀ» ካለኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሁለቱም መስመሮች ላይ ጥቅል ላለው ሰው ግን ግሩም ነገር ነው፤ ዳታው የሚቋረጠው ለአፍታ ብቻ ነው።

ስልኩን ራሱን የማማርርበት በሲም ማስገቢያው ነው። ሁለተኛው ቦታ ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ ካርድ ነው የሚይዘው፤ ሦስቱም አንድ ላይ አይገቡም። የማረፊያውን ፎቶዎች ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነበረብኝ። ሲሞቹን አውጥቼ ስመልስም የዳታ ምርጫው አንዳንዴ ወደ ሌላው መስመር ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ገብቼ አየዋለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ሱቁ ውስጥ ማስገቢያውን አስወጥታችሁ ስንት ቦታ እንዳለው እዩ። *#06# ስትደውሉም ሁለት የአይኤምኢአይ ቁጥር መውጣት አለበት። ከዚያ በአንዱ ሲም ለሻጩ ደውላችሁ፣ ሳትዘጉ በሌላ ሰው ስልክ ሁለተኛውን ሞክሩት። ጠርቶ ከተነሳ ያገኛችሁት ከእኔ የተሻለ ስልክ ነው።