የጉበት ትል ባለሙያ የት ይናገር፦ ደብረ ብርሃን አዳራሽ ወይስ ዌቢናር?

በመንዝ በግ፣ ከዚያም አጥብቦ በጉበት ትል ላይ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስሙን የት ያስተዋውቅ?

በአካል፦ ሃያ አርቢ በተሰበሰበበት የታመመች በግ ይዞ ይገባል። የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጦ መንጣቱን፣ ከመንጋጋ ሥር ያለውን እብጠት ያሳያል፤ አርቢውም በራሱ እጅ ይሞክራል። አደጋውም እዚሁ ነው። መንጣቱ የደም ማነስ ምልክት ነው፤ ደም ማነስን ግን ሌላ የሆድ ትልም ያመጣል። አንድ ልምድ ያለው አርቢ «ዶክተር፣ የጉበት ትል መሆኑን በምን አወቁ?» ቢል፣ የሰገራ ምርመራ ውጤት ወይም ከታረደ በግ የወጣ ጉበት በእጁ ከሌለ ያፍራል። ወጪው አዳራሽና ሻይ ነው፤ የገበያ ቀን ግን አይመረጥ።

ዌቢናር፦ ወጪው ኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ቅጂው ይቀራል፣ በሌላ ደጋ ያሉ ሐኪሞችም ይሰሙታል። የዓይን ቆብ ቀለም ግን በስልክ ስክሪን አይታመንም። ስለዚህ ርዕሱ ይቀየር፤ ለምሳሌ ትሪክላቤንዳዞል ለጋውንም ትል ሲገድል፣ አልቤንዳዞል የጎለመሰውን ብቻ እንደሚገድልና ይህ የመድኃኒት ጊዜን እንዴት እንደሚወስን።

አርቢ ደንበኛ ለሚፈልግ አዳራሹ፣ በሌሎች ሐኪሞች ለመጠራት ለሚፈልግ ዌቢናሩ ይሻላል። እኔ ብሆን ከአዳራሹ እጀምራለሁ፤ አርቢዎቹ የሚያነሱት ጥያቄ የዌቢናሩን ርዕስ ይሰጠኛል።